ሲቪ ከኮምፒውተር እስከ ፋይል መዝገብ፦ የፎንት፣ የኅዳግ፣ የክፍተትና የርእስ አመራረጥ

በክረምቱ መጨረሻ ከግብርና ኮሌጆች የሚመረቁ ወጣቶች በወረዳና በዞን ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ዙሪያ ተሰብስበው የቅጥር ማስታወቂያ ሲያነቡ ማየት የተለመደ ነው። አብዛኞቹ ማስታወቂያዎች ከትምህርት ማስረጃ ጋር ሲቪ ይጠይቃሉ። ወጣቶቹም ከተማ ወዳለ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሄደው ያስጽፋሉ፤ የጽሕፈቱን፣ የኅትመቱንና የፎቶ ኮፒውን ገንዘብ የሚሸፍኑት ደግሞ በአብዛኛው ገጠር ያሉ ወላጆቻቸው ናቸው። በዚህ ገንዘብ የተሠራው ወረቀት ግን መራጮቹ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ የሚነበብ ሆኖ አይገኝም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሲቪው በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ያምር እንደሆነ እንጂ ከዚያ በኋላ የሚያልፍበት መንገድ አይታሰብም። ወረቀቱ ይታተማል፤ ፎቶ ኮፒ ይደረጋል፤ ኮፒው እንደገና ኮፒ ይደረጋል፤ በግራ ጎኑ ተበስቶ ፋይል ውስጥ ይገባል። በፍላሽ ወይም በስልክ የተላከ ከሆነ ደግሞ በሌላ ኮምፒውተር ይከፈታል። በማይክሮሶፍት ወርድ የሚሠራ ሲቪ ፎንቱ፣ ኅዳጉ፣ ክፍተቱና ርእሱ መመረጥ ያለበት ይህን ጉዞ ታሳቢ አድርጎ ነው።

ለማሳያ በእንስሳት ጤና ዲፕሎማ ያላትን አንዲት ወጣት እንውሰድ። የሲቪዋ ጽሑፍ አንድ ገጽ ከሦስት መስመር ሆነባት። ሁለተኛውን ገጽ ለማስቀረት የጻፈላት ሰው ኅዳጉን አጠበበ፣ ፊደሉንም ወደ 9 ነጥብ አሳነሰ። ጽሑፉ በአንድ ገጽ ገባ። ወረቀቱ ተበስቶ ፋይል ውስጥ ሲገባ ግን ቀዳዳው በግራ በኩል ያሉትን ፊደላት በላቸው፤ በኮፒው ላይም የስልክ ቁጥሯ 3 ይሁን 8 የማይለይ ሆነ። ጥሪ የሚደረገው በዚያ ስልክ ነው። የእርሷን ገጽ ከመጀመሪያው እንደገና ብንሠራው እያንዳንዱ ምርጫ ለምን እንደሚያስፈልግ ግልጽ ይሆናል።

ቀዳሚው ሥራ፦ ወረቀቱና ኅዳጉ

አንድም ፊደል ከመጻፉ በፊት የወረቀቱ መጠን መታየት አለበት። በአገራችን ማተሚያዎች ውስጥ የሚገባው ወረቀት ኤ4 ሲሆን ወርዱ 21 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ወርድ ግን በአሜሪካ ልማድ የተስተካከለ ከሆነ Letter በሚባል ወረቀት ይጀምራል። ይህ ወረቀት ከኤ4 በ1.76 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። በLetter የተሰናዳ ገጽ በኤ4 ሲታተም ወይ ማተሚያው መጠኑን ይለውጠዋል፣ ወይ ጽሑፉ ወደ አንድ ወገን ይገፋል። ስለዚህ Layout የሚለውን ከፍቶ Size ውስጥ A4 መምረጥ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ኅዳግ ነው። ወርድ Margins በሚለው ሥር ያዘጋጃቸው ምርጫዎች አሉ። Normal የሚባለው በአራቱም ጎን 2.54 ሴንቲ ሜትር ይተዋል፤ Narrow የሚባለው ደግሞ 1.27 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይተዋል። የወጣቷ ገጽ የተጎዳው በዚህ በሁለተኛው ምርጫ ነው። በተለመደው የቢሮ መብሻ የሚበሳው ቀዳዳ መካከሉ ከወረቀቱ ጠርዝ 1.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የቀዳዳው ስፋት 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይደርሳል። ኅዳጉ 1.27 ከሆነ ቀዳዳው ጽሑፉ ውስጥ ገባ ማለት ነው። የፋይሉ ሽቦ ወረቀቱን ስለሚይዘውም ከቀዳዳው አጠገብ ያለው ፊደል ገጹ ሲገለጥ በእጥፋቱ ይሸፈናል።

በመሆኑም ለፋይል የሚገባ ሲቪ በግራ 3 ሴንቲ ሜትር፣ በቀኝ 2፣ ከላይና ከታች 2 ሴንቲ ሜትር ቢተውለት በቂ ነው። ይህንም Layout፣ Margins፣ Custom Margins ብሎ በመግባት ቁጥሮቹን በመጻፍ መወሰን ይቻላል። ሳጥኑ በኢንች የሚያሳይ ቢሆን እንኳ ከቁጥሩ ቀጥሎ cm ብሎ መጻፍ ያስኬዳል። ከ21 ሴንቲ ሜትር ላይ 5 ሲቀነስ ለጽሑፉ 16 ሴንቲ ሜትር ወርድ ይቀራል። ይህ ቁጥር ኋላ ላይ ስለሚያስፈልግ መያዝ አለበት።

ፎንቱ፦ የግዕዝ ፊደል የራሱ ጠባይ አለው

ስለ ሲቪ የተጻፉ አብዛኞቹ ምክሮች የላቲን ፊደልን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው። Times New Roman ወይም Calibri በ11 ነጥብ ይበቃል ይላሉ። ለእንግሊዝኛ ሲቪ ይህ ልክ ነው። ለአማርኛ ግን ሁለት ነገር ይለያል።

አንደኛው፣ Times New Roman እና Calibri የግዕዝ ፊደላት የሏቸውም። አማርኛ ጽሑፍ ተመርጦ Times New Roman ቢባልም ወርድ የጎደለውን ፊደል በኮምፒውተሩ ውስጥ ካለ ሌላ ፎንት አምጥቶ ይሞላል። የሚታየው ፊደል የስሙ ባለቤት አይደለም። ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚሞላው ፎንት ሌላ ሊሆን ስለሚችል የመስመሩ ርዝመትና የገጹ አቆራረጥ ይለወጣል። አንድ ገጽ የነበረው ሲቪ ሁለት ገጽ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው፣ በግዕዝ ፊደል ትርጉም የሚለወጠው በትንንሽ ምልክቶች ነው። በለ እና በሉ፣ በነ እና በኒ መካከል ያለው ልዩነት ከፊደሉ እግር ላይ የምትወጣ አጭር ጭረት ናት። ፊደሉ ሲያንስ ጭረቷም ታንሳለች፤ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ መጀመሪያ የምትጠፋውም እርሷው ናት። የላቲን ፊደል በ10 ነጥብ ኮፒ ሲደረግ ቢነበብም የአማርኛ ጽሑፍ ግን 12 ነጥብ ያስፈልገዋል። ከ11 በታች መውረድ አይገባም።

የትኛው ፎንት ይመረጥ? በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ Ebrima የሚባለው ፎንት አብሮ ይመጣል። የግዕዝም የላቲንም ፊደላት አሉት። ስለዚህ በአማርኛ ዐረፍተ ነገር መካከል Excel የሚል የፕሮግራም ስም ወይም የኢሜይል አድራሻ ቢገባ ሁሉም በአንድ ዓይነት ቅርጽ ይጻፋል። በቀደሙት ዊንዶውሶች የተለመደው Nyala በዊንዶውስ 10 ላይ ራሱን ችሎ የሚጫን ተጨማሪ ሆኗል፤ ስለዚህ ተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ይኖራል ብሎ መተማመን አይቻልም። Nyala ሌላም ጉድለት አለበት። የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። B ተጭኖ ደማቅ ሲደረግ ወርድ ፊደሉን በግድ ያወፍረዋል፤ የመ፣ የወ እና የጠ ክፍት ቦታ ይጠባል፣ በኮፒ ላይም ይደፈናል። Ebrima ግን ለብቻው የተሳለ ደማቅ ቅርጽ አለው።

ለእነዚህ ፎንቶች ሰያፍ የሚባል የግዕዝ ቅርጽ አልተሳለላቸውም። I ሲጫኑ የሚታየው በኮምፒውተር የተጋደመ ቀጥ ያለ ፊደል ነው። ከፊደላቱ ሥር መስመር ማስመርም እግሮቹን ስለሚነካ ንባቡን ያውካል። ለሲቪ ሁለቱም አያስፈልጉም።

አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩ አንዳንድ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ከውስጥ የላቲን ኮድ ሆኖ ከላይ ብቻ አማርኛ ይመስላል። በአንዳንድ ጽሕፈት ቤቶች አሁንም ድረስ አገልግሎት ላይ አሉ። መለያው ቀላል ነው፦ ከጽሑፉ ጥቂት ቃላት መርጦ ፎንቱን ወደ Ebrima መቀየር። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ጤናማ ነው። ወደ ላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከተለወጠ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይም መራጮቹ የሚያዩት ይህንኑ ነው። መፍትሔው በዩኒኮድ ቁልፍ ሰሌዳ እንደገና መጻፍ ነው።

ክፍተቱ፦ በEnter እና በባዶ ቦታ ሳይሆን በልክ

የወጣቷ ሲቪ አንድ ገጽ ከሦስት መስመር የሆነው ጽሑፉ በዝቶ አልነበረም። በHome ሥር ያለችውን ¶ ምልክት ወይም Ctrl+Shift+8 ብንጫን የማይታየው ይታያል። በየክፍሉ መካከል ሁለት ሁለት ባዶ መስመር በEnter ተጨምሯል። ዓመተ ምሕረቶቹን ወደ ቀኝ ለመግፋትም ባዶ ቦታ ሃያና ሠላሳ ጊዜ ተመትቷል፤ እያንዳንዱ ምት እንደ ነጥብ ይታያል።

ሌላው የተደበቀ ክፍተት ወርድ ራሱ የሚጨምረው ነው። ከ2013 ወዲህ ባሉት ወርዶች አዲስ ሰነድ ሲከፈት ከእያንዳንዱ አንቀጽ በኋላ 8 ነጥብ ክፍተት አለ። በሲቪ ውስጥ እያንዳንዱ መስመር ለራሱ አንቀጽ ስለሆነ ይህ ክፍተት በሠላሳ መስመር ላይ ሲደመር 240 ነጥብ ይሆናል። ይህም ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው።

የሚስተካከለው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ባዶዎቹ መስመሮች ይሰረዛሉ። ከዚያ Home ላይ ካሉት የጽሑፍ ዓይነቶች መካከል Normal የሚለው በቀኝ የመዳፊት ቁልፍ ተጭኖ Modify ይባላል። ፎንቱ Ebrima፣ መጠኑ 12 ይደረጋል። ከታች ባለው Format ውስጥ Paragraph ሲከፈት Before እና After ሁለቱም 0፣ Line spacing ደግሞ Exactly ሆኖ At በሚለው ሳጥን 17 ነጥብ ይጻፋል። በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ የተለወጠው በመላው ሰነድ ይለወጣል።

Exactly የሚመረጥበት ምክንያት አለ። Single በሚለው ምርጫ የመስመሩን ከፍታ የሚወስነው ፎንቱ ነው። በአንዱ መስመር ላይ ከሌላ ፎንት የመጣ ቃል ቢኖር ያ መስመር ከጎረቤቱ ይለያል፤ ገጹም ወጣ ገባ ይሆናል። Exactly ሁሉንም እኩል ያደርጋል። ገደቡ ግን መታወቅ አለበት። ቁጥሩ ለፊደሉ ከሚበቃው ካነሰ የፊደላቱ ራስ ይቆረጣል። የሆ ወይም የቶ አናት ተቆርጦ ከታየ ቁጥሩን በአንድ አንድ ነጥብ ከፍ ማድረግ ነው። ፎቶግራፍ በሲቪው ላይ የሚለጠፍ ከሆነም በExactly መስመር ላይ የገባ ሥዕል ስንጥቁ ብቻ ይታያል፤ ፎቶው ያለበት መስመር ብቻ ወደ Single መመለስ አለበት።

የዓመተ ምሕረቶቹ ነገር ደግሞ በባዶ ቦታ አይፈታም። የአማርኛ ፊደላት ስፋታቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሠ ከለ ይሰፋል። ስለዚህ ባዶ ቦታው እኩል ቢመታም ዓመቶቹ አንድ ዓምድ አይሠሩም፣ ፎንቱ ሲለወጥም ይበታተናሉ። ትክክለኛው መንገድ Tab ነው። በParagraph መስኮት ግርጌ Tabs የሚል አለ። Tab stop position ላይ 16 cm ተጽፎ Right ተመርጦ Set ይባላል። 16 የመጣው ቀደም ብሎ ካሰላነው የጽሑፍ ወርድ ነው። ከዚያ በኋላ የሥራ ቦታው ተጽፎ የTab ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲመታ ዓመቱ ሄዶ ከቀኙ ኅዳግ ጋር ይቆማል። «የወተት ላሞች ጤና ክትትል፣ የተግባር ልምምድ» በግራ፣ «2015 ዓ.ም.» በቀኝ ይሆናል፤ የሥራ ቦታው ስም ቢረዝምም ቢያጥርም ዓመቱ አይነቃነቅም።

ርእሶቹ፦ ትልቅ ፊደል በሌለበት

የእንግሊዝኛ ሲቪ አዘጋጅ ርእሱን በትልልቅ ፊደል ጽፎ ከሌላው ይለየዋል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህ መንገድ ዝግ ነው። ለአማርኛ ርእስ ሦስት መለያዎች ይቀራሉ፦ መጠን፣ ውፍረትና ከበላዩ ያለው ባዶ ቦታ። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው። ርእስ ከበላዩ ካለው ክፍል ራቅ፣ ከበታቹ ካለው ጽሑፍ ቀረብ ማለት አለበት። ከላይና ከታች ያለው ክፍተት እኩል ሲሆን ርእሱ የየትኛው ክፍል እንደሆነ ዓይን ያመነታል።

በወጣቷ ሲቪ ላይ አምስት ርእሶች አሉ፦ የግል መረጃ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ሥልጠናና ክህሎት፣ ምስክሮች። እያንዳንዱ Heading 1 ይደረጋል፤ አቋራጩ Ctrl+Alt+1 ነው። Heading 1 መጀመሪያ ላይ ሰማያዊ ስለሆነና ሰማያዊው በጥቁር ኮፒ ላይ ስለሚደበዝዝ Modify ተብሎ ቀለሙ ጥቁር ይሆናል። ፎንቱ Ebrima፣ መጠኑ 14፣ ደማቅ ይደረጋል። ክፍተቱ Before 14፣ After 4፣ የመስመሩ ከፍታ Exactly 20 ነጥብ ይሆናል። ስሟ ከሁሉም በላይ በ18 ነጥብ፣ ደማቅ ሆኖ በ26 ነጥብ መስመር ላይ ይቀመጣል። ከዚህ ውጪ ሌላ መጠን አያስፈልግም። በአንድ ገጽ ላይ ሦስት መጠን፣ አንድ ፎንት ይበቃል።

Heading 1 መጠቀም ርእሱን በእጅ ከማድመቅ የሚሻልበት ተጨባጭ ጥቅም አለ። በዚህ ዓይነት የተጻፈ ርእስ Keep with next የሚባል ባሕርይ ስላለው ገጹ ቢሞላ ብቻውን ግርጌ ላይ አይቀርም፤ ከተከታዩ መስመር ጋር ወደ ቀጣዩ ገጽ ይሻገራል።

ሒሳቡ ይበቃል?

አሁን ገጹ ይበቃ እንደሆነ ማስላት ይቻላል። ከ29.7 ሴንቲ ሜትር የላይና የታች ኅዳግ 4 ሲቀነስ 25.7 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ ይህም ወደ 728 ነጥብ ይጠጋል። የወጣቷ ጽሑፍ ባዶዎቹ ሲሰረዙ 28 መስመር ነው። በ17 ሲባዛ 476 ነጥብ ይሆናል። አምስቱ ርእሶች ከክፍተታቸው ጋር እያንዳንዳቸው 38 ነጥብ ሲይዙ በድምሩ 190 ነው። ስሟ 26 ነጥብ ይወስዳል። ጠቅላላው 692 ነጥብ ነው። በ9 ነጥብ ተጨናንቆ የነበረው ጽሑፍ በ12 ነጥብ፣ ሰፊ ኅዳግ ተትቶለት በአንድ ገጽ ገባ፤ ሁለት መስመር የሚያህል ቦታም ተረፈ።

ጽሑፉ ከዚህ በልጦ ባይገባ ግን ፊደሉን ከማሳነስ ሁለተኛ ገጽ መክፈት ይሻላል። የሚቀሩት ሁለት ሦስት መስመሮች ብቻ ከሆኑ መቀነስ ያለበት ቃሉ ነው። ለማስታወቂያው የማይጠቅም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ዝርዝር ወይም የተደጋገመ አድራሻ ቢወጣ ቦታው ይገኛል።

ከመላኩ በፊት

በመጨረሻ ሁለት ዓይነት ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል። አንደኛው ለማረም የሚያገለግለው የወርድ ሰነድ ነው። ሁለተኛው File፣ Save As ተብሎ ዓይነቱ PDF ሆኖ የተቀመጠው ነው። ፒዲኤፉ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ Ebrima በሌለበት ኮምፒውተርም ሆነ በስልክ ገጹ ሳይለወጥ ይከፈታል። በፍላሽም ሆነ በኢሜይል መላክ ያለበት ይኸው ነው። ማስታወቂያው የወርድ ሰነድ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ File፣ Options፣ Save ውስጥ Embed fonts in the file የሚለው ምልክት ይደረግበታል።

ለወረቀቱ የሚደረገው ፈተና ኮምፒውተር አይፈልግም። አንድ ቅጂ ብቻ ይታተም። እርሱ ኮፒ ይደረግ፤ ኮፒውም እንደገና ኮፒ ይደረግ። ሦስተኛው ወረቀት በግራ ጎኑ ይበሳ። ከዚያ ሲቪውን ያልጻፈ ሰው፣ ለምሳሌ ታናሽ እኅት ወይም ወንድም፣ ስልክ ቁጥሩንና የአባትን ስም ጮክ ብሎ ያንብብ። ሳይጠራጠር ካነበበው ቀሪዎቹን ቅጂዎች ማስባዛት ይቻላል። ከተንተባተበ የሚስተካከለው ገና አንድ ወረቀት ብቻ በወጣበት በዚህ ሰዓት ነው።